ዋይፋዩ የቱ ጋ ይወድቃል? የቤትን የሲግናል ካርታ በስልክ መሥራትና ማንበብ

ሳሎን ተቀምጠው ሲያዩት ፊልሙ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ያንኑ ስልክ ይዘው ኋላ ወዳለው መኝታ ቤት ሲገቡ ግን ምስሉ ይቆምና ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ኢንተርኔቱን ይወቅሳል፣ ወይ ሱቅ ሄዶ ሲግናል ማራዘሚያ ይገዛል። ከሁለቱም በፊት መደረግ ያለበት ግን ሲግናሉ የትኛውን ግድግዳ ሲያልፍ እንደሚደክም ለክቶ በቤቱ ፕላን ላይ ማስፈር ነው። ለዚህ ስልክ፣ ነጻ አፕና ቤቱን ለመዞር ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል።

መለካቱ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ንባቡ ነው። ካርታው ሲያልቅ ዓይን በቀጥታ ቀይ ወደሆነው ቦታ ይሄዳል፤ መፍትሔውም እዚያው ቀዩ ላይ ያለ ይመስላል። ቁም ነገሩ ያለው ግን ቁጥሩ በሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል በድንገት ከሚያሽቆለቁልበት ቦታ ላይ ነው። ሲግናሉን የሚበላው ነገር የቆመው እዚያ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ስልኩ አናት ላይ የሚታዩት ቅስቶች ለካርታ አይሆኑም። ያላቸው ደረጃ ጥቂት ስለሆነ፣ ሲግናሉ ከመቶ እጅ ዘጠና ዘጠኙን አጥቶም ቅስቶቹ ሙሉ እንደሆኑ ሊቆዩ ይችላሉ። የሚያስፈልገን አፑ ላይ dBm ከሚል ጽሑፍ ጋር የሚታየው ቁጥር ነው። በአነጋገር ዲቢኤም ይባላል።

ዲቢኤም የኃይል መለኪያ ነው። አንድ ሚሊዋት ዜሮ ተብሎ ይያዛል፤ ስልክ ከአየር ላይ የሚቀበለው ኃይል ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች፣ ማለትም ኔጌቲቭ ሆኖ ይነበባል። ወደ ዜሮ የቀረበው ይበልጣል፤ -45 ከ-70 የተሻለ ነው። ሰውን የሚያሳስተው አቀናነሱ ነው። ቁጥሩ በ3 ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ10 ሲወርድ የሚቀረው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ሳሎን ላይ -40፣ መኝታ ቤት ላይ -70 የሚያሳይ ስልክ መኝታ ቤት ውስጥ የሚያገኘው ኃይል የሳሎኑ አንድ ሺኛ ነው። ቁጥሩን እንደ ሙቀት መለኪያ ለማንበብ የሚሞክር ሰው ይህን ልዩነት በጣም ያሳንሰዋል።

በተግባር መያዝ ያለባቸው ጥቂት ድንበሮች ናቸው። ራውተሩ አጠገብ ቁጥሩ በ-30ዎቹ ውስጥ ይሆናል። በ-50ዎቹ ውስጥ ሁሉም ሥራ ያለ ችግር ይሠራል። ለቪዲዮ ጥሪና ለፊልም የኔትወርክ ባለሙያዎች ዝቅተኛ ወለል አድርገው የሚይዙት -67ን ነው። በ-70ዎቹ ውስጥ የቴሌግራም መልእክትና ጽሑፍ ይደርሳሉ፤ ቪዲዮው ግን መንተባተብ ይጀምራል። ከ-80 በታች ስልኩ የዋይፋዩን ስም ያያል እንጂ በደንብ አይሠራበትም።

ከመዞር በፊት

በአንድሮይድ ስልክ ካርታ የሚሥሉ አፖች አሉ፤ ከታወቁት አንዱ NetSpot ነው። የቤቱን ፕላን ተቀብሎ፣ እርስዎ የቆሙበትን ነጥብ ሲነኩ ቁጥሩን እዚያ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም በቀለም ይሸፍነዋል። WiFi Analyzer የሚባለው ደግሞ ካርታ አይሥልም፤ ቁጥሩንና በአካባቢው ያሉትን ዋይፋዮች ብቻ ያሳያል። በእሱ ቁጥሩን እያነበቡ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ መጻፍም ሙሉ ካርታ ይሰጣል፤ የሚጎድለው ቀለሙ ብቻ ነው። በአይፎን ነገሩ ጠበብ ይላል፤ አፕል የሌሎች ድርጅቶች አፖች ይህን ቁጥር እንደልብ እንዲያነቡ አይፈቅድም። የራሱ የአፕል AirPort Utility ግን በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ Wi-Fi Scanner የሚለው ሲበራለት ቁጥሩን ያሳያል፤ ያን ወረቀት ላይ ማስፈር ነው።

በአንድሮይድ አፑ ሲከፈት የአካባቢ መረጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ዋይፋይ ለመለካት ይህ ለምን እንዳስፈለገ ብዙ ሰው ይገረማል፤ ስልኩ የት እንዳለ በዙሪያው ካሉት የዋይፋይ ስሞች ማወቅ ስለሚቻል ነው። ፈቃዱ ካልተሰጠና ሎኬሽን ካልበራ የዋይፋዮቹ ዝርዝር ባዶ ይሆናል።

ቀጥሎ ፕላኑ ነው። የቤቱ ዋና ፕላን ካለ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ከሌለ በካሬ ደብተር ላይ አንዱን ካሬ ግማሽ ሜትር አድርጎ መሣል ይቻላል። መጠኑ ከእውነተኛው ጋር መመጣጠን አለበት፤ ኋላ ከራውተሩ ወደ ደካማው ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ስለምናሠምር፣ ግድግዳው ከቦታው ከተዛነፈ መስመሩ ያላለፈበትን ነገር ያሳየናል። የትኛው ግድግዳ ብሎኬት፣ የትኛው ቺፑድ፣ የትኛው ኮንክሪት እንደሆነ፣ ፍሪጁ፣ ትልቁ መስታወትና የውሃ ሮቶው የት እንዳሉ በዚያው ላይ ምልክት ይደረግ።

ሦስተኛው ዝግጅት ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። የአሁን ራውተሮች በሁለት ባንድ ያሰራጫሉ፤ አንዱ 2.4፣ ሌላው 5 ጊጋኸርትዝ ነው። ከጎረቤት ቤት ሙዚቃ ሲከፈት ግድግዳውን አልፎ የሚሰማን ድምፅ ጎርናናው ነው፤ ቀጭኑ እዚያው ይቀራል። ዋይፋዩም እንዲሁ ነው፤ 2.4 ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻገራል፤ 5 ፈጣን ቢሆንም በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ሁለቱ በአንድ ስም ከተለቀቁ ስልኩ እንዳሻው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ካርታውም ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ይሆንና ምንም አይነበብም። ስለዚህ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፎ በሚገኘው አድራሻና የይለፍ ቃል ወደ ራውተሩ ገጽ ገብቶ ለሁለቱ የተለያየ ስም መስጠትና ለእያንዳንዱ ለየብቻ መዞር ይሻላል። ጊዜ ካጠረ 5 ጊጋኸርትዙን ብቻ መለካት ይቻላል፤ ችግሩ ቀድሞ የሚታየው በእሱ ነው።

ዙሩ

ከራውተሩ አንድ ሁለት ሜትር ርቆ መጀመር ጥሩ ነው። ከዚያ በየሁለት ሜትሩ፣ በተለይም በእውነት በሚሠራባቸው ቦታዎች ላይ እየቆሙ ይለካሉ፤ አልጋው ጠርዝ፣ የልጆቹ የጥናት ጠረጴዛ፣ ሶፋው። በሮቹ በተለመደው ሁኔታቸው ይሁኑ፤ ማታ ተዘግተው ከሆነ የሚያድሩት ተዘግተው ይለኩ። ስልኩ ሁልጊዜ በአንድ አያያዝ፣ በደረት ቁመት ይያዝ። የሰው አካል በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሲግናል ይውጣል፤ ጀርባውን ለራውተሩ የሰጠ ሰው ፊቱን ካዞረው ያነሰ ቁጥር ያነባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ራውተሩ፣ አንድ ጊዜ በተቃራኒው ዞሮ መካከለኛውን መውሰድ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አንድ አፕ ዋይፋዮችን የሚፈትሽበትን ብዛት ይገድባል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚፈቀደው አራት ጊዜ ነው። ይህ ማለት አፑ ላይ የሚታየው ቁጥር ግማሽ ደቂቃ የቆየ፣ እርስዎ ከሳሎን ሳይወጡ የተነበበ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እየተራመዱ የሚነካኩ ሰዎች ካርታቸው ላይ የሳሎኑ አረንጓዴ እስከ መኝታ ቤት ተጎትቶ ይታያል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲገቡ ቁጥሩ አንዲትም ሳይነቃነቅ ይቆይና በድንገት በብዙ ይዘላል። መድኃኒቱ መቆምና ቁጥሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ እስኪለወጥ መጠበቅ ነው። በአንድሮይድ 10ና ከዚያ በኋላ ባሉት ደግሞ በዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ Wi-Fi scan throttling የሚለውን ማጥፋት ይቻላል። ስልኩ የተገናኘበትን ዋይፋይ ብቻ የሚያነቡ አፖች በዚህ ገደብ እምብዛም አይነኩም።

ቆመውም ቢሆን ቁጥሩ በሁለት በሦስት ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ የተለመደ ነው፤ ሞገዱ ከግድግዳና ከዕቃ እየነጠረ ስለሚመጣ እጅን በጥቂት ሳንቲሜትር ማንቀሳቀስ እንኳ ይቀይረዋል። ስለዚህ በሁለት ነጥቦች መካከል ከ5 ያነሰ ልዩነት ካለ እኩል እንደሆኑ መቁጠር ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ

ለምሳሌ በአዲስ አበባ የተለመደ፣ በብሎኬት የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እናስብ። ርዝመቱ 14፣ ወርዱ 9 ሜትር ነው። ከፊት በግራ ሳሎን፣ ከእሱ ጋር ያለ ግድግዳ የተያያዘ ምግብ ቤት፣ በስተቀኝ ኩሽና አለ። መሐሉን ኮሪደር ያቋርጠዋል። ከኮሪደሩ ኋላ ከግራ ወደ ቀኝ አንደኛ መኝታ ቤት፣ ሁለተኛ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና ሦስተኛ መኝታ ቤት ተደርድረዋል። ጓሮ ውስጥ በብረት በር የሚዘጋ ሰርቪስ ቤት አለ። የፋይበሩ ገመድ የገባው ከፊት በግራ ጥግ ስለሆነ ራውተሩም እዚያው፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተቀምጧል።

በ5 ጊጋኸርትዝ ሲለካ ሶፋው ላይ -44፣ አንደኛው መኝታ ቤት አልጋ ላይ -61 ይነበባል እንበል። ሁለተኛው መኝታ ቤት በቀኝ ጠርዙ -68፣ ሦስተኛው ደግሞ በግራ ጠርዙ -81 ያሳያል። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ -88 ነው። ቀለም የተቀባው ካርታ ሳሎኑን አረንጓዴ፣ ሦስተኛውን መኝታ ቤትና ሰርቪሱን ቀይ ያደርጋቸዋል። ቀለሙን ብቻ የሚያይ ሰው «ሦስተኛው መኝታ ቤት ስለሚርቅ ነው» ብሎ ይደመድማል።

እዚህ ላይ ነው ንባቡ የሚጀምረው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መኝታ ቤት ጠርዞች መካከል ያለው ሦስት ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ግን በ13 ወድቋል። በባዶ አየር ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ሲግናል የሚቀንሰው በ6 ገደማ ነው። ከራውተሩ እስከ መጀመሪያው ነጥብ 9 ሜትር፣ እስከ ሁለተኛው 12 ሜትር ቢሆን፣ ከእጥፍ በጣም ያነሰ ጭማሪ ስለሆነ ርቀቱ የሚበላው 2 ወይም 3 ብቻ ነው። የቀሩትን አሥር ገደማ የበላ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ያንን ለማግኘት ማስመሪያ ይበቃል። በፕላኑ ላይ ከራውተሩ ወደ ሦስተኛው መኝታ ቤት ቀጥ ያለ መስመር ይሠመር። መስመሩ የኮሪደሩን ሁለት ረጃጅም ግድግዳዎች ያቋርጣል፤ ግን በቀጥታ አይደለም፣ ሰያፍ ነው። ሃያ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለውን ግድግዳ በ30 ዲግሪ ጋደም ብሎ የሚያቋርጥ ሞገድ በግድግዳው ውስጥ የሚጓዘው 40 ሳንቲሜትር ነው። ግድግዳው ለእሱ እጥፍ ይወፍርበታል። መስመሩ ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱን ያልፋል፤ ሴራሚክ የለበሰውን ግድግዳ ያቋርጥና በመጨረሻ ከሦስተኛው መኝታ ቤት ግድግዳ ጋር የተደገፈ ባለ ትልቅ መስታወት ቁምሳጥን ላይ ይወጣል። የመስታወት ጀርባ የብረት ቅብ ስላለው ሞገድን መልሶ ይገፋል። ከዚህ በኋላ ለመኝታ ቤቱ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ያው ዙር በ2.4 ሲደገም ሦስተኛው መኝታ ቤት -67 ያሳያል እንበል። ይህ ራሱን የቻለ መረጃ ነው። በ5 ሞቶ በ2.4 የሚኖር ክፍል የግድግዳ ችግር ያለበት ነው፤ ለጊዜው የዚያ ክፍል ስልኮች በ2.4 ስም ቢገናኙ ብዙው ችግር ይቃለላል። በሁለቱም የሞተው ሰርቪስ ቤት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ብረት በር፣ ቆርቆሮና ሁለት የውጭ ግድግዳ ያሉት ስለሆነ የትኛውም ባንድ አይደርሰውም።

ራውተሩን ማንቀሳቀስ

የካርታው ትልቁ ግኝት ሳሎኑ ነው። -44 ማለት ሶፋው ላይ ከሚያስፈልገው በላይ የተትረፈረፈ ሲግናል አለ ማለት ነው። ለፊልም -67 ከበቃ፣ ሳሎኑ 20 ያህል ቢያጣ ማንም አያውቀውም። ራውተሩ ጥግ ላይ በመሆኑም ከሚያሰራጨው ብዙው ወደ ግቢና ወደ ጎረቤት አጥር ይፈስሳል።

ስለዚህ በዚህ ቤት ራውተሩ ወደ ኮሪደሩ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር በላይ ባለች ትንሽ መደርደሪያ ላይ ቢዛወር ምን ይሆናል? ሶፋው ወደ -57 ይወርዳል፤ አሁንም ከበቂ በላይ ነው። አንደኛው መኝታ ቤት -69 ይሆናል፤ ከወለሉ ትንሽ ዝቅ ያለ ቢሆንም የሚሠራ ነው። ሁለተኛው -55፣ ሦስተኛው -59 ይደርሳሉ። ከቤቱ ውስጥ እጅግ የደከመው ነጥብ ከ-81 ወደ -69 ከፍ አለ ማለት ነው፤ አዲሱ ቦታ መመዘን ያለበትም በዚህ ነው። ምርጡን ቁጥር ማሳደግ ማንንም አይጠቅምም። ሰርቪስ ቤቱ ብቻ ከ-88 ወደ -80 ቢመጣም ከድንበሩ ውጭ ይቀራል።

ግድግዳ ከመብሳት በፊት ይህን መሞከር ይቻላል። ቤት ውስጥ ሁለተኛ ስልክ ካለ ሆትስፖቱ በ5 ጊጋኸርትዝ ይከፈትና መጀመሪያ ራውተሩ ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ በመጀመሪያው ስልክ አምስት ስድስት ነጥቦች ይለኩ። ከዚያ ሆትስፖቱ ወደታሰበው አዲስ ቦታ ይዛወርና እነዚያው ነጥቦች ይደገሙ። የሆትስፖት ኃይል ከራውተር ያነሰ ስለሆነ ቁጥሮቹን ከራውተሩ ቁጥሮች ጋር ማነጻጸር አይገባም። በሁለቱ የሆትስፖት ዙሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን ራውተሩ ሲዛወር ከሚታየው ጋር ይቀራረባል።

ማዛወሩ ራሱ በቀጭኑ የፋይበር ገመድ መሆን የለበትም። ያ ገመድ ውስጡ ብርጭቆ ነው፤ በጠባቡ ከታጠፈ ብርሃኑ ይጠፋል ወይም ገመዱ ይሰበራል። ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ባለበት ይቆይና ከእሱ እስከ አዲሱ ቦታ የኔትወርክ ገመድ ይዘርጋ፤ ይህ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሠራል። ሳጥኑና ዋይፋዩ አንድ ዕቃ ከሆኑ በገመዱ ጫፍ ሌላ ዋይፋይ አሰራጭ መጨመር ያስፈልጋል። የሰርቪስ ቤቱም መፍትሔ ይኸው ነው፤ በጓሮ የሚሄድ አንድ ገመድና እዚያው ውስጥ የሚተከል ትንሽ አሰራጭ።

ገመድ ያለ ማራዘሚያ የሚገዛ ሰው ካርታውን ሌላ ነገር ሊጠይቀው ይገባል። ማራዘሚያው የሚቀመጠው ቀዩ ክፍል ውስጥ አይደለም፤ እዚያ የሚያገኘው የተበላሸ ሲግናል ስለሆነ የሚያራዝመውም ያንኑ ነው። ቦታው ቁጥሩ ገና -60 ወይም -65 አካባቢ የሆነበት፣ ከውድቀቱ በፊት ያለው ነጥብ ነው። ያኔም ቢሆን በአንድ ባንድ ብቻ ተቀብሎ የሚያሰራጭ ማራዘሚያ እያንዳንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ ስለሚልክ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል።

ካርታው የማይናገረው

በመጀመሪያ፣ በነጥቦቹ መካከል ያለው ቀለም ግምት ነው። አፑ እርስዎ ያልቆሙበትን ቦታ አልለካም፤ ከሁለት ጎረቤት ቁጥሮች ተነስቶ መሐሉን ሞልቶታል። ጓዳውን ሳይገቡበት አልፈው ከሆነ ካርታው ላይ አረንጓዴ መሆኑ ምንም ማስረጃ አይደለም። ቀለሞቹም ከአፕ አፕ ይለያያሉ፤ አንዱ -70ን አረንጓዴ ሲያደርግ ሌላው ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ጎን ላይ ያለው የቀለም መለኪያ ነው። አፑ የሚፈቅድ ከሆነ ድንበሩን -67 ላይ ማድረግ ንባቡን ያቀላል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ስልኮች በአንድ ቦታ ላይ የተለያየ ቁጥር ሊያነቡ ይችላሉ፤ አንቴናቸው አንድ አይደለም። «በፊት» እና «በኋላ» የሚባሉት ካርታዎች በአንድ ስልክ መሠራት አለባቸው። ካርታው የሚለካውም ራውተሩ ለስልኩ የሚናገረውን ነው። ስልኩ መልሶ ሲናገር ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከራውተሩ ያነሰ ነው። ድንበር ላይ ባለ ቦታ የቪዲዮ ጥሪ ሲደረግ የሌላው ሰው ምስል ደህና ሆኖ የእርስዎ ብቻ የሚቆራረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ የሲግናል ጥንካሬ የኢንተርኔት ፍጥነት አይደለም። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ቤት ሁሉም ክፍል -50 እያሳየ ኢንተርኔቱ ሊንቀራፈፍ ይችላል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ እነዚህኑ ሦስቱን ይሻማሉ። በ WiFi Analyzer የቻናል ግራፍ ላይ ብዙ ቅስቶች አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ከታዩ ችግሩ ግድግዳ አይደለም፤ መጨናነቅ ነው። ያኔ ወደ 5 ጊጋኸርትዝ መውጣት ወይም ሰው ያነሰበትን ቻናል መምረጥ ይሻላል።

መጨናነቅም ከሌለ አንድ ፈተና ይቀራል። ራውተሩ አጠገብ ቆሞ የፍጥነት መለኪያ ማስኬድ። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ከቤቱ ውጭ፣ በመስመሩ ወይም በተገዛው ፓኬጅ ላይ ነው፤ የትኛውም ካርታ፣ የትኛውም ማራዘሚያ አያፋጥነውም። እዚያ ፈጣን ሆኖ መኝታ ቤት ሲገቡ ብቻ ከወደቀ ግን ካርታው የሚናገረው ስለ እሱ ነው።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ ለገዢ። ራውተርና ማራዘሚያ በሚሸጥበት ካርቶን ላይ ይህን ያህል ካሬ ሜትር ይሸፍናል የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ያ ቁጥር የገዢውን ግድግዳ አያውቅም። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራው ቤት ከእንጨት ተዋቅሮ በጂፕሰም ቦርድ የሚሸፈን ነው፤ እንዲህ ያለው ግድግዳ ከብሎኬት ያነሰ ሲግናል ይበላል፤ ከኮንክሪት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በጣም ያነሰ። ስለዚህ እዚያ ያለ ዘመድ «ይኸኛው ቤቱን በሙሉ ያዳርሳል» ብሎ የላከው ዕቃ እዚህ ሁለት ክፍል ላይ ቢቆም የዕቃው ጉድለት ላይሆን ይችላል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚታመነው በራስ ቤት፣ በራስ ግድግዳ መካከል የተለካው ቁጥር ነው፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ቀጣዩ ከ10 በላይ የሚወድቅበት ቦታ ካለ፣ በመጀመሪያ ራውተሩ ያንን ግድግዳ የማያቋርጥበት ቦታ ይፈለግለት፤ ዕቃ መግዛቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።